በአረጋውያን የቡድን ስፖርት ውስጥ «የሚዛን ፈተና» ምንድን ነው?

የሚዛን ፈተና ማለት ሰውነት እንዳይወድቅ ራሱን ለማስተካከል እስኪገደድ ድረስ የሚቀርብለት፣ ነገር ግን ሳይወድቅ ሊወጣው የሚችለው ሥራ ነው። ቀጥ ብለን ስንቆም የቆምን ይመስለናል እንጂ የቁርጭምጭሚትና የዳሌ ጡንቻዎቻችን ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮና ከውስጥ እግራችን በሚደርሳቸው መረጃ እየተመሩ ያለማቋረጥ ያስተካክሉናል። ዕድሜ ሲገፋ መረጃው ይዘገያል፣ ጡንቻውም ይሳሳል። ይህ ችሎታ በልምምድ የሚመለሰው ደግሞ ሥራ ሲሰጠው ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሲያወዛውዙ የቆዩ እናትና አባት ላብ ቢያወጡም ሚዛናቸው ምንም አልተጠየቀም።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጠዋት ጠዋት የሚደረገው የእግር ጉዞም ለልብ ቢጠቅምም፣ የእግር ጉዞ ብቻውን መውደቅን እንደሚቀንስ ጥናቶች አላረጋገጡም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአረጋውያን ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያጎላ ልዩ ልዩ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠራ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

አሰልጣኙ ፈተናውን የሚያከብድበትና የሚያቀልበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው የመቆሚያውን ስፋት ማጥበብ፣ ሁለተኛው እግር ሳይነሳ የሰውነትን ክብደት ወደ ጎንና ወደ ፊት ማዘዋወር፣ ሦስተኛው የእጅን ድጋፍ መቀነስ ነው። ዓይን መጨፈን አራተኛ መንገድ ሊሆን ይችል ነበር፤ እኔ ግን አንድ አሰልጣኝ ብዙ ሰው በሚያይበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አላስገባውም።

የየሰውን መነሻ ለማወቅ አራት አቋቋም በቂ ነው፦ እግርን አጋጥሞ መቆም፣ አንዱን እግር ግማሽ ያህል አስቀድሞ መቆም፣ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት ገጥሞ በአንድ መስመር መቆም፣ በመጨረሻም በአንድ እግር መቆም። ሰውየው ግድግዳ አጠገብ ሆኖ፣ አሰልጣኙም ከጎኑ ቆሞ፣ እያንዳንዱን አቋቋም 10 ሰከንድ ያለ ድጋፍ ይሞክራል። ሦስተኛውን 10 ሰከንድ መጠበቅ ያቃተው ሰው ለመውደቅ የተጋለጠ ተብሎ ይያዛል። ልምምዱ የሚጀምረው ሰውየው ያለ ድጋፍ መጨረስ ባቃተው በመጀመሪያው አቋቋም ላይ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ እጁ ግድግዳ ይይዛል።

ልኩ የሚታወቀው ከቁርጭምጭሚት ነው። እግሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቁርጭምጭሚቱ ወዲያና ወዲህ ትንሽ የሚርገበገብ ከሆነ ፈተናው ልክ ነው። እንደ ሐውልት ቆሞ ከጎረቤቱ ጋር የሚጨዋወት ከሆነ ቀሎታል። ትንፋሹን ከያዘ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ፣ ወይም በየሁለት ሰከንዱ ድጋፉን የሚጨብጥ ከሆነ ከብዶታል፤ ወደ ቀድሞው አቋቋም መመለስ ይገባዋል።

ከሚዛኑ ጎን ለጎን የሚሄደው የጥንካሬ ሥራ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው፤ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ከሌለ የተናጋ ሰውነት የሚመልሰው የለምና። እዚህ ላይ ወንበሩን ማየት ያስፈልጋል። በየአዳራሹ የምናገኘው የፕላስቲክ ወንበር ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፣ ሰው ሲደገፍበትም ይገለበጣል፤ ስለዚህ ጀርባው ከግድግዳ ጋር መገጠም አለበት፣ ቆመው ሲሠሩም የመደገፊያ አገልግሎት ሊሰጥ አይገባም። ለመደገፊያ ግድግዳው ወይም ጠንካራ የመስኮት ብረት ይሻላል። መነሣት ለሚከብደው ሰው ደግሞ ታጥፎ የተነጠፈ ጋቢ መቀመጫውን ከፍ ስለሚያደርገው ሥራውን ያቀልለታል፤ ጉልበቱ ሲጠነክር ጋቢው እጥፉ ይቀነሳል፣ ቀጥሎም ይነሣል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሲቀመጡ ቀስ ማለት ነው፤ እስከ ሦስት እየቆጠሩ መውረድ። ጮክ ብሎ መቁጠሩ ትንፋሽ እንዳይያዝም ይረዳል።

አንዲት የ71 ዓመት እናት ወደ እኛ ክፍል የመጡት ጉልበታቸውን እያሻሹ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ሰው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደሚነሣ በሚቆጠርበት ፈተና፣ ስድስት ጊዜ ተነሡ፤ ነገር ግን የተነሡት በእጃቸው እየተደገፉ ስለነበር በፈተናው ሕግ፣ እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ መሠራት ስላለበት፣ ውጤታቸው ዜሮ ነው። በአንድ መስመር ቆመው የጠበቁት አራት ሰከንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ በሁለት እጥፍ ጋቢ ላይ ተቀምጠው ስምንት ጊዜ መነሣትን፣ ጥቂት አርፈው መድገምን፣ በአንድ እጅ ግድግዳ ይዘው በአንድ መስመር መቆምን ጀመርን።

በአራተኛው ሳምንት እኔ ተሳሳትኩ። ቡድኑ ጥሩ እየሄደ ስለመሰለኝ ሁሉንም በአንድ ቀን ከግድግዳው አራቅኳቸውና ክብደት ማዘዋወርንም በዚያው ጨመርኩ። እማማ ወደ ጎን ሲያዘነብሉ ከአጠገባቸው የነበሩትን ሴት ክንድ ጨበጡ፤ ሁለቱም ሊወድቁ ሲሉ በደረቴ ያዝኳቸው። በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ እንዳለበት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የእርሳቸውን እጅ ደረጃ በደረጃ አስለቀቅነው፦ መዳፍ፣ ቀጥሎ ሁለት ጣት፣ ቀጥሎ ከግድግዳው አንድ ስንዝር የራቀ ምንም የማይነካ እጅ። በአሥረኛው ሳምንት በአንድ መስመር 10 ሰከንድ ቆሙ፤ ያለ ጋቢና ያለ እጅም በ30 ሰከንድ ሰባት ጊዜ ተነሡ። ለዕድሜያቸው አሁንም ዝቅተኛ ነው፤ በእርሳቸው ዕድሜ ላለች ሴት ከ10 በታች ከአማካይ በታች ተብሎ ይያዛልና።

ከዚህ የተነሣ የቡድኑ አቀማመጥ ክብ ባይሆን ይመረጣል። ሁሉም በግድግዳው ርዝመት ይቆማሉ፣ ደከም ያሉት መሐል፣ አሰልጣኙ በሚደርስበት ቦታ ይሆናሉ። አንድ እንቅስቃሴ ይጠራል፣ ግን እያንዳንዱ በራሱ ደረጃ ይሠራዋል። ነጠላው ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ረጅም ቀሚስ ትንሽ ሰብሰብ ይደረጋል፣ ክፍት ነጠላ ጫማም ውጪ ይቀራል።

ቀኑን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ያደረግነው ረቡዕና ዓርብ ብዙዎቹ እህል ሳይቀምሱ ስለሚውሉ ነው። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ግን ቀን በመምረጥ ብቻ አይታለፍም፤ በተለይ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከመጣ የደም ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል፣ በር ላይ «ዛሬ ምን ቀመሱ? መድኃኒቱንስ ወሰዱ?» ብሎ መጠየቅ የፕሮግራሙ ክፍል ነው። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብና መደናገር ከታየ እንቅስቃሴው ይቆማል፤ ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር ያለበት ነገር ይሰጠዋል። ሲነሣ ራሱን የሚያዞረው፣ ባለፈው ዓመት የወደቀ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። የደረት ሕመም በመሐል ከመጣ ደግሞ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ልምምዱ ሲቋረጥ የተገኘው ለውጥም ስለሚቀንስ፣ ክረምቱ ከብዶ አዳራሹ በሚዘጋበት ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሥራ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንደኛው ከራሱ ወንበር መነሣት ነው። ሁለተኛው የቤቱን ማእዘን ከጀርባው አድርጎ፣ ከፊቱ ከባድ የእንጨት ወንበር አስቀምጦ፣ ክፍል ውስጥ በመጨረሻ ከቻለው አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው አቋቋም መቆም ነው፤ ቤት ውስጥ የሚይዘው አሰልጣኝ የለምና።