ኔጌቲቭ ኤንፒቪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኤንፒቪው ኔጌቲቭ ወጣ፤ ከሰርኩ ማለት ነው አይደል?»

አይደለም። ኮምቦልቻ ውስጥ የፕሮጀክት ጥናት እሠራለሁ፤ ይህን ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ኤንፒቪ ማለት ወደፊት የሚገባው ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ፣ የሚወጣው ሲቀነስለት የሚቀረው ነው። በቀደም አንድ ደንበኛዬ ከደሴ ወርደው ጥናቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። የመጨረሻውን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ከበውታል።

ሥራው ካርቶን ማምረቻ ነው። ዛሬ 10 ሚሊዮን ብር ይወጣበታል፤ ለ4 ዓመት በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን ያስገባል። ድምሩ 14 ሚሊዮን ነው። በ18 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ ግን 9.4 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ጉድለቱ 585 ሺህ አካባቢ ነው። ልብ በሉ፣ ገንዘባቸው ይመለሳል፤ በላዩም በዓመት 15 በመቶ ገደማ ያተርፋል። እሳቸው የፈለጉት 18 ነበር። ቀዩ ቁጥር የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው።

«ለጥናቱ የከፈልኩት አብሮ ይቆጠርልኝ»

አይቆጠርም። ፕሮጀክቱን ቢተዉትም አይመለስም።

«ቁጥር አይዋሽም»

ይዋሻል። ገቢውን በዛሬ ዋጋ ለ4 ዓመት ሳይነቃነቅ ጽፈው፣ የዋጋ ንረት በተካተተበት የባንክ ወለድ ወደ ዛሬ ዋጋ ከመነዘሩት ጥሩ ፕሮጀክትም ቀይ ይሆናል። ወይ ሁለቱም ላይ ንረት ይግባ፣ ወይ ከሁለቱም ይውጣ።

«ቢሆንም ስትራቴጂክ ነው፣ እንግባበት»

እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄኛው ነው። «ስትራቴጂክ» ሲባል ሁሉም ሒሳቡን ዘግቶ ይነሳል። እኔ ግን «ስንት ብር ነው ስትራቴጂኩ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰውየው መልስ ነበራቸው። ካርቶኑ በገዢዎች ዘንድ ከተወደደ ከ2 ዓመት በኋላ በ20 ሚሊዮን ትልቅ ማሽን ይተክላሉ። ያኔ የትልቁ ማሽን ገቢ ተመንዝሮ 26 ሚሊዮን ያወጣል፤ ትርፉ 6 ሚሊዮን ነው። ካልተወደደ ይተዉታል። 6 ሚሊዮኑ በ18 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመጣ 4.3 ሚሊዮን ነው። 585 ሺሁን ለመሸፈን ካርቶኑ የመወደድ ዕድሉ ከ100 14 ገደማ ቢሆን ይበቃል። እሳቸው ግማሽ በግማሽ ነው ብለው ነው የሚያስቡት። በዚህ ሒሳብ እኔም ብሆን እገባበታለሁ።

ሁለት ነገር ግን መጣራት አለበት። አንደኛ፣ ትልቁን ያለ ትንሹ መጀመር ይቻላል? ከተቻለ 585 ሺሁ በከንቱ ነው የሚወጣው። እሳቸው «ካርቶኔን ጭኖበት ያላየ ፋብሪካ ውል አይፈርምልኝም» አሉ። አሳማኝ ነው።

ሁለተኛ፣ መተው በእርግጥ ይቻላል? የ4.3 ሚሊዮኑ ሒሳብ የቆመው ካልሆነ እተወዋለሁ በሚለው ላይ ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቅ አሉ። ለካ ሻጩ ሁለቱን ማሽን አንድ ላይ ለሚያዝ ቅናሽ አለኝ ብሏቸዋል።

«ቀብድ ከፍለዋል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው የትልቁን አይክፈሉ።»