የመሥራች ታሪክ ምንድን ነው?

አንድ ድርጅት «ስለ እኛ» በሚለው ክፍሉ ስለ መሥራቹ እንዲጽፍ ሲጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው የሕይወት ታሪክ ነው፦ የት ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ ምን ሽልማት ወሰዱ። ይህ ስሕተት ሳይታረም ሌላ ምክር ተጨምሮበታል። «በእኛ ባህል ስለ ራስ ማውራት ነውር ነው፤ ጉራ እንዳይመስል ቁጥሩን አውጡት፣ በትሕትና ጻፉት» የሚል አስተያየት ሰጪ በየውይይቱ አይጠፋም። ምክሩ ቅን ነው፤ ግን ጉራ ከየት እንደሚመጣ ስላልለየ፣ ጉራውን ትቶ ማስረጃውን ያስጥላል።

የመሥራች ታሪክ «ይህ ሰው ይህን ሥራ እንደሚያውቀው በምን ልመን?» ለሚል ገዢ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ፍርድ ቤት የቆመን ምስክር እናስብ። ዳኛው የሚጠይቀው የት ቆሞ እንደነበር፣ መቼ እንደሆነና ምን እንዳየ ነው። «ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው» ቢል ማንም ጉረኛ አይለውም። «እኔ የታመንሁ፣ የተከበርሁ ሰው ነኝ» ብሎ ቢጀምር ግን ዳኛው ይጠራጠረዋል። ፍርዱ የዳኛው ነውና፣ ምስክሩ የዳኛውን ወንበር ወስዶበታል። «ጥራት ያለው»፣ «ግንባር ቀደም»፣ «ተመራጭ» የሚሉት ቃላት ሁሉ ፍርድ ናቸው። ጉራ የሚመጣው ከእነሱ ነው እንጂ ከቁጥርም ሆነ «እኔ» ከማለት አይደለም።

አንዲት የባልትና ባለሙያ እናስብ። በርበሬ አዘጋጅታ አዲስ አበባ ውስጥና ውጭ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን ትሸጣለች። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ድርጅታችን በሥራ ፈጣሪነት ፍቅር ባደጉት መሥራቻችን የተቋቋመ ሲሆን፣ ባህላዊ ጣዕምን ከዘመናዊ አሠራር ጋር በማጣመር ጥራት ያለው በርበሬ ለተከበሩ ደንበኞቹ ያቀርባል።»

የድርጅቱ ስም ቢሸፈን ይህ ለማንኛውም ባልትና ቤት ይሆናል። «በርበሬ» የሚለው በ«ማር» ቢተካ እንኳ አይፈርስም። አሁን ባለሙያዋን እንደ ምስክር እንጠይቃት፦ በዚህ ሥራ ላይ መጀመሪያ የተበላሸብሽ ነገር ምን ነበር? ለምን ተበላሸ? ከዚያ ወዲህ ምን ለወጥሽ? ምንስ አታደርጊም? መልሷ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«በ2008 ዓ.ም. ውጭ አገር ላለ ደንበኛ የላክኩት 6 ኪሎ በርበሬ በሁለት ወር ውስጥ ሻጋታ ሸተተ። ዛላው ባዶ መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ነበር። ተፈጭቶ ስለገዛሁት የተበላሸውን ከደኅናው መለየት አልቻልኩም። ገንዘቡን መለስኩ። ከዚያ ወዲህ የተፈጨ አልገዛም። ዛላውን ከማረቆ አስመጥቼ ከአራት ሴቶች ጋር አንድ በአንድ እንለቅማለን፤ ከ100 ኪሎ ወደ 8 ኪሎው ይጣላል። የቅመሙን መጠን የተማርኩት ከእናቴ ነው። በወር ከ300 ኪሎ በላይ አንሠራም፤ ከዚያ ካለፈ ለቀማው ይዘለላል።»

እዚህ ውስጥ አንድም የምስጋና ቃል የለም፤ ቁጥሩ ግን ብዙ ነው። በርበሬ የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ሴትዮዋ ሥራውን እንደምታውቅ ወዲያው ይገባዋል። ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ዛላ ከሥር እርጥበት ስለሚስብ ይሻግታል። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ የሻገተው ዛላ በቀዩ ዱቄት ውስጥ ስለሚሰወር ዐይን አያገኘውም። ስለዚህ ለቀማው ከወፍጮ በፊት መሆን አለበት። ይህን «ለጥራት ቅድሚያ እንሰጣለን» ብሎ መተካት ማስረጃውን አጥፍቶ ፍርዱን ብቻ ማስቀረት ነው።

የተበላሸው 6 ኪሎ መጻፉ ብዙ መሥራቾችን ያስፈራል። ነገር ግን በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው በሌላውም ነገር ይታመናል። የ300 ኪሎው ገደብም እንደዚሁ ነው፤ ገቢዋን የሚቀንስ ነገር መናገሯ ስለ ለቀማው የምትለውን ያጸናዋል። ጥንቃቄው ስሕተቱ ከነምክንያቱና ከነማረሚያው መቅረቡ ላይ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ገዢን ከማስደንገጥ ሌላ ጥቅም የለውም፤ ያልታረመ ብልሽት ደግሞ መጀመሪያ መታረም አለበት።

ምስክር ከጉዳዩ ሲወጣ ዳኛ ያስቆመዋል። «ከባዶ ተነሥታ»፣ «ብዙ መከራ አልፋ» የሚለው ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ በርበሬው ግን አይመሰክርም። እናትየዋ የገቡት የቅመሙ መጠን ከእሳቸው ስለመጣ ነው። ባይሆን ኖሮ፣ ቢወደዱም፣ ቦታቸው ሌላ ነበር። ፈጣሪን ማመስገንም ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ «በፈጣሪ ፈቃድ እዚህ ደርሰናል» ተብሎ እንዴት እንደተደረሰ ሲቀር ነው።

አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው፤ አድራጊው በግሱ ውስጥ ይደበቃል። «ተቋቋመ»፣ «ተዘጋጀ» ሲባል ማን እንዳደረገው አይታወቅም፤ ምስክሩ ከአዳራሹ ወጥቷል ማለት ነው። «ወይዘሮ እገሊት መሠረቱ» ብሎ ራስን በአክብሮት መጥራት ደግሞ ሌላ ሰው ያመሰገናት ያስመስላል፤ ጽሑፉ የራሷ መሆኑ ሲታወቅ ጉራው እጥፍ ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን በሚሠራበት ቤት «እኛ» ማለትም ያልተቀጠሩ ሠራተኞችን መቁጠር ነው። ብቻዋን ያደረገችውን «አስመጣሁ»፣ ከአራቱ ሴቶች ጋር ያደረገችውን «እንለቅማለን» ብትል ዐረፍተ ነገሩ ራሱ እውነቱን ይሸከማል። አስተያየት ሰጪው እንደ ትሕትና የሚያየው «ተቋቋመ» ገዢው ዘንድ መሸሸጊያ ይመስላል።

ርዝመቱ ከ60 እስከ 150 ቃል ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ሲረዝም አብዛኛውን ጊዜ የተጨመረው የሕይወት ታሪክ ነው።

እያንዳንዱ ቁጥር ግን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠብቀዋል። «ወደ 8 ኪሎ» የተባለው ከሚዛን መዝገብ ካልወጣ፣ «የተበላሸውን እንጥላለን» ብሎ መተው ይሻላል። ሥራው የተጀመረበት ዓመትና የንግድ ፈቃዱ የወጣበት ዓመት ከተለያዩ ሁለቱም ይጻፉ፤ ፈቃዱን ያየ ገዢ ልዩነቱን ራሱ ሲያገኘው ውሸት ይመስለዋል። የላብራቶሪ ምርመራ ከተጠቀሰም ውጤቱ የዚያ ናሙና ብቻ መሆኑና የተመረመረበት ቀን አብሮ ይግባ። ሻጋታ የሚያመነጨውን መርዝ ጠርቶ «ከአፍላቶክሲን ነፃ» የሚል ጥቅል አነጋገር ለቀጣዩ ወር በርበሬ አይመሰክርም። ስማቸው ወይም ፎቷቸው የሚወጣ ለቃሚዎች ፈቃዳቸው ይጠየቅ።

ዓመተ ምሕረቱም ችላ አይባል። ውጭ ያደገ አንባቢ «በ2008» የሚለውን በአውሮፓ አቆጣጠር ሊያነበውና ለሥራው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊጨምርለት ይችላል። ባለሙያዋ ሳትዋሽ የተጋነነ ዕድሜ ተሸከመች ማለት ነው። «2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016)» ብሎ መጻፍ ይህን ይዘጋዋል። ድርጊቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ባለው ጊዜ የሆነ ከሆነ ግን በቅንፍ የሚገባው 2015 ነው።