የቀጠሮ ይቅርታ ለውጭ ደንበኛ፦ ከአማርኛ ረቂቅ እስከ ትርጉም

አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ ገዢ ጋር የሚሠሩ ብዙ ድርጅቶች ደብዳቤያቸውን መጀመሪያ በአማርኛ ያረቅቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ይጽፋል ወይም በቃል ያስጽፋል። ከዚያ እንግሊዝኛ የሚችል ባልደረባ ወይም ተርጓሚ ይመልሰዋል። የዋጋ ወይም የጭነት ደብዳቤ በዚህ መንገድ ያለ ብዙ ችግር ያልፋል። የይቅርታ ደብዳቤ ግን ይከብዳል። በተለይ ይቅርታው ስለቀረ ቀጠሮ ከሆነ ቀጠሮውን ያበላሸው የሰዓት ስህተት ደብዳቤው ውስጥም ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቡና ላኪ ድርጅት ነው እንበል፤ ገዢው ሃምቡርግ ነው። ገዢው «ማክሰኞ በእናንተ ሰዓት 10:00 ላይ በቪዲዮ እንገናኝ» ብሎ ጻፈ። ቀኑ ኦክቶበር 20፣ በእኛ ጥቅምት 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊዋ አጀንዳው ላይ «10 ሰዓት» ብላ መዘገበች። ገዢው ያለው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። የኛ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ማንም የለም።

ይቅርታ ከመጻፉ በፊት የስህተቱን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚናገረው የልዩነቱ መጠን ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ስህተቱ የአቆጣጠር ነው፤ እኛ ቀኑን ከንጋት ስለምንጀምር የነሱ 9:00 የኛ 3 ሰዓት ነው። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከሆነ ምናልባት የአውሮፓ የሰዓት ለውጥ ነው። አውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱን ወደፊት፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ወደኋላ ያዞራል። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያው ነን። ስለዚህ ሃምቡርግ በበጋቸው ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ2 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ልዩነቱ ሙሉ ቀን ከሆነ እኩለ ሌሊትን መጠርጠር ነው። አሜሪካ ያለ ደንበኛ በራሱ ሐሙስ ማታ ሲቀጥር እዚህ ብዙ ጊዜ ዓርብ ገብቷል። እኛ ግን ገና «የሐሙስ ሌሊት» እንላለን።

በምሳሌአችን ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ጥፋቱ እኛ ዘንድ ነው፤ ገዢው «በእናንተ ሰዓት» ብሎ በግልጽ ጽፏል። አሁን ሥራ አስኪያጁ ያረቀቀውን እንይ፦

«ክቡር ሚስተር ቶማስ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዛሬ በተፈጠረው የሰዓት አለመግባባት ምክንያት ሳንገናኝ በመቅረታችን የተሰማንን ጥልቅ ኀዘን እየገለጽን፣ ሁለተኛ እንደማይለመደን እናረጋግጣለን። ከነገ ወዲያ በ4 ሰዓት ብንገናኝ ደስ ይለናል።»

በአማርኛ ይህ ጨዋ ደብዳቤ ነው። ማንም አገር ቤት ያለ ሰው ሲያነበው ቅር አይለውም። ቃል በቃል ሲተረጎም ግን አራት ቦታ ላይ ይሰበራል።

አንደኛው «ሳንገናኝ በመቅረታችን» ነው። ማን ቀረ? አማርኛው ጥፋቱን ለሁለቱም ያከፋፍላል፤ ይህ በኛ ዘንድ ፊት ማዳኛ ነው። ጀርመኑ ግን በሰዓቱ ተገኝቶ ጠብቋል። እሱም የቀረ ያህል ሲነገረው ይከፋል። «የሰዓት አለመግባባት»ም እንዲሁ ነው፤ አለመግባባት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛው «ጥልቅ ኀዘን» ነው። በእንግሊዝኛ እንዳለ ከተቀመጠ የለቅሶ ደብዳቤ ይመስላል። ሦስተኛው «አይለመደንም» ነው። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንለው ከልብ የሆነ ቃል ነው፤ በቀጥታ ሲገለበጥ ግን ትርጉም አይሰጥም። «አይደገምም» ተብሎ ቢተረጎም እንኳ አንባቢው ቀጥሎ «እንዴት?» ብሎ ይጠብቃል። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ ቀጠሮ የምንመዘግበው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው።

አራተኛውና ከሁሉም የከፋው «ከነገ ወዲያ በ4 ሰዓት» ነው። ተርጓሚው ቁጥሩን ሳይነካው ካለፈ ሃምቡርግ የሚደርሰው «4:00» ነው። ገዢው ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ይይዘዋል። ሁለተኛ ቀጠሮ በይቅርታው ደብዳቤ ውስጥ ተበላሸ ማለት ነው። ተርጓሚዎች ቃል ላይ ሲጠበቡ ቁጥር ላይ ይፈጥናሉ። የኔ ምክር ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ቁጥሮቹ ይተርጎሙ።

አንድ ሐረግም አለ፤ እዚህ ረቂቅ ላይ የለም እንጂ ብዙ ቦታ ይገባል፦ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት»። በንግግራችን ቀላል ነው፤ መብራት ጠፋ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ ለማለት ነው። በሕግ ግን ከባድ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1792 የሚያስቀምጠው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደውን ነገር ነው። የቡና ውል ላይም ይህ አንቀጽ «ፎርስ ማዤር» ተብሎ ብዙ ጊዜ ይገባል። ተርጓሚው ይህን ቃል ከተጠቀመ ገዢው ጭነቱ ይቀር ይሆን ብሎ ይደነግጣል። መብራት ጠፍቶ ከሆነ «መብራት ጠፋ» ይባል።

እንግዲህ ረቂቁ የሚስተካከለው ከትርጉሙ በፊት፣ በአማርኛው ላይ ነው። እንዲህ ቢሆን፦

«ክቡር ሚስተር» (የቤተሰብ ስሙ ይገባል)፤ «ዛሬ ጠዋት በነበረን ስብሰባ አልተገኘንም፤ እርስዎን በማስጠበቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን። የጻፉልን ሰዓት ትክክል ነበር። እኛ 10:00ን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 10 ሰዓት ብለን ስለያዝነው 6 ሰዓት ዘግይተን ገባን። ከእንግዲህ ቀጠሮዎቻችንን በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንመዘግባለን። የሚመችዎ ከሆነ ሐሙስ ኦክቶበር 22 ቀን 2026፣ በሃምቡርግ 09:00፣ በአዲስ አበባ 10:00 (UTC+3) ላይ እንገናኝ።»

የጤና ጥያቄው ወጥቷል። ይህ ለጀርመን ነው፤ እዚያ የሥራ ደብዳቤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ደንበኛው ሪያድ ወይም ዱባይ ቢሆን ሰላምታውን አልነካውም ነበር፤ በዓረብኛ ደብዳቤ ከሰላምታ መጀመር የተለመደ ነው። የስሙ ነገርም ልብ ይባል። «አቶ» ከራስ ስም ጋር እንደሚሄድ «ሚስተር ቶማስ» ማለት ይቀናናል። እነሱ ዘንድ ማዕረጉ የሚሄደው ከቤተሰብ ስም ጋር ነው።

ወሩ በፊደል መጻፉም ምክንያት አለው። ጥቅምት 12 የነሱ ኦክቶበር 22 ነው። በቁጥር ብቻ «12/2» ተብሎ ከተጻፈ አንዱ ፌብሩዋሪ 12፣ ሌላው ዲሴምበር 2 ብሎ ያነበዋል፤ ጥቅምት መሆኑን የሚገምት የለም። የቀን መቁጠሪያ ግብዣ አብሮ ቢላክ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። የሰዓት ቀጠናው ላይ Africa/Addis_Ababa መመረጡን ማየት ነው፤ ፕሮግራሙ የገዢውን ሰዓት ራሱ ያሰላል።

በዚህ ምሳሌ አንድ ወጥመድ ይቀራል። ገዢው «ሐሙስ አልችልም፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ይሁን» ብሎ ቢመልስስ? ያ ኦክቶበር 27 ነው። በመካከል ኦክቶበር 25 እሑድ ላይ አውሮፓ ሰዓቷን ትመልሳለች። የአዲስ አበባ 10:00 ያን ቀን የሃምቡርግ 08:00 እንጂ 09:00 አይደለም። ስለዚህ ቀን ሲቀየር ሁለቱም ሰዓቶች እንደ አዲስ ይሰላሉ።

ከመላኩ በፊት የሚደረገው ፍተሻ አጭር ነው። አማርኛውን ያላየ ሰው የተተረጎመውን ብቻ አንብቦ ሦስት ነገር በአማርኛ ይናገር፦ ማን ቀረ፣ ለምን፣ መቼ ልንገናኝ ነው። «ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት» ካለ ደብዳቤው ደህና ነው። «10 ሰዓት» ካለ ተመልሶ ይታያል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን ገዢው ዝም ተብሎ አይጠብቅ። የኛ 10 ሰዓት የሃምቡርግ 15:00 ነው፤ ቢሮው ገና ክፍት ነው። «አልተገኘንም፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ዛሬውኑ እንጽፍልዎታለን» የሚል ሁለት መስመር ወዲያው ይሂድ፤ ሙሉው ደብዳቤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይከተለዋል።