ነቀዝና ድር በፎቶ ሲታዩ፦ የቱ ይተርፋል፣ የቱ ይጣላል?

«ፎቶው ላይ አንድም ነቀዝ የለም፤ ምስሩ ንጹህ ነው።»

ፍሬውን አጉልታችሁ እዩት። የጥራጥሬ ነቀዝ እንቁላሏን ከፍሬው ቆዳ ላይ ትለጥፋለች፤ ነጭ ነጥብ ይመስላል። አቧራ በጣት ሲታሽ ይለቃል፣ ይሄ ግን አይለቅም። ትሉ ከእንቁላሉ ሥር ቀጥታ ወደ ውስጥ ገብቶ እዚያው ያድጋል። ሊወጣ ሲል ቆዳው ላይ ጠቆር ያለ ክብ ምልክት ይታያል፤ ከወጣ በኋላ በመሰርሰሪያ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ይቀራል። ይህ እንዲታይ ምስሩን ነጭ ሳህን ላይ ሳይደራረብ በትኑ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ማስመሪያም አጠገቡ አኑሩ። በቆሎና ስንዴ ግን ያታልላሉ፤ ባለ ኩምቢዋ ነቀዝ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ካስገባች በኋላ ቀዳዳውን ስለምትደፍነው ፎቶ ብዙም አያሳይም።

«የተበሳውን ለቅሜ ከጣልኩ ሌላው ይቀመጣል።»

5 ኪሎ ምስር አለ እንበል። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ዘግናችሁ 100 ፍሬ ቁጠሩ። 6ቱ ተበስተው 11ዱ ነጭ ነጥብ ቢኖራቸው፣ የሚያሳስቡት 11ዱ ናቸው፤ ከ6ቱ ነቀዙ ወጥቶ ሄዷል። ይህ ምስር ይተርፋል። በአንድ አንድ ኪሎ ከፋፍላችሁ በፌስታል አስራችሁ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ፍሪዘር ለ7 ቀን አቆዩት። አምስቱም ኪሎ ባንድ ላይ ከገባ መሃሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ስታወጡት ቅዝቃዜው እስኪለቀው ፌስታሉን አትፍቱ፣ አለበለዚያ ወዝቶ ይሻግታል። ከዚያ በሰፌድ አንፍሱት፤ ለወጥ ስታጥቡት ደግሞ የሚንሳፈፈውን ግፈፉ። ሲሶው ከተበሳ ግን ድካሙ አያዋጣም። የሻገተ ከሆነ ለዶሮም አይሰጥም።

«ድር የያዘ ዱቄት ከተነፋ ደህና ነው።»

ዱቄት በእርጥበትም ይጓጉላል፤ ፎቶ ብቻውን አይለየውም። ጉጉሉን በማንኪያ ቀስ ብላችሁ አንሱት፦ የእርጥበቱ ይፈረፈራል፣ የእሳት እራት ትል የሠራው ግን በቀጭን ክር ተያይዞ ይንጠለጠላል። ክር ካለ ዱቄቱን ጣሉት፤ እንቁላሉና የትሉ ኩስ በወንፊቱ ያልፋሉ። ክዳኑንና የመደርደሪያውን ጥግም ፎቶ አንሱ፣ ትሉ ወጥቶ እዚያም ድር ይሠራልና።

ድር የሌለው፣ ሁለት ሦስት ቀያይ የዱቄት ጥንዚዛ ብቻ የተገኘበት ዱቄት ተነፍቶ፣ ፍሪዘር ገብቶ ይበላል። ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ካመጣ ወይም የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው ግን ይጣል፤ መጋገር ያንን ሽታ አያጠፋውም።

«አንድ የነቀዝ ክኒን ጣል ባደርግበት ይገላግለኛል።»

መኖሪያ ቤት ውስጥ በፍጹም። ክኒኑ በአየሩ እርጥበት ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙም በጆንያው ቀዳዳ ወጥቶ እዚያው ክፍል የተኙ ሰዎችን ይገድላል።