ሻካራው ኢአር እና ጎልጂ ምንድን ናቸው? ስለዚያ «ፖስታ ቤት»

«ሻካራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ፕሮቲን ይሠራል፤ ጎልጂ አሽጎ ይልካል።» ስለ እነዚህ ሁለት የሴል ክፍሎች ይህችን ነገር ስንት ጊዜ ሰማኋት! ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስረጂ ጎልጂን የሴሉ ፖስታ ቤት አሉት። ኢአሩ (እንዲህ ላሳጥረው) ደብዳቤውን ጽፎ ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ አይደለም ሲሉ ቀጠሉ። እሺ፣ ፖስታ ቤት ይሁን። ግን አሠራሩን በደንብ እንየው። ኢንሱሊንን እንከተል።

በመጀመሪያ፣ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ነው እንጂ ኢአር አይደለም። ራይቦዞሙም ሥራውን የሚጀምረው ሳይቶፕላዝም በሚባለው የሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ነው። የቆሽት ቤታ ሴል ለኢንሱሊን ብሎ የሚጀምረው ሰንሰለት 110 አሚኖ አሲድ አለው። የፊተኞቹ 24ቱ አድራሻ ናቸው። ይህ ጫፍ ከራይቦዞሙ ብቅ ሲል ኤስአርፒ የሚባል ቅንጣት ይይዘዋል። ሥራውን ለአፍታ ያዘገይና ራይቦዞሙን ከነሰንሰለቱ ኢአር ላይ ያሳርፈዋል። ሰንሰለቱ እየተሠራ በሽፋኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይሾልካል። አድራሻው እዚያው ተቆርጦ ይቀራል። ጉንተር ብሎበል በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህንኑ በፕሮቲኑ ላይ ያለ አድራሻ በማግኘታቸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አድራሻ የተጻፈው ገና ደብዳቤው ሲጀመር ነው፤ ፖስታ ቤቱ ገና አላየውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር እንምጣ። የቀረው 86 አሚኖ አሲድ ያለው ሰንሰለት ፕሮኢንሱሊን ይባላል። ኢአሩ ዝም ብሎ አያሳልፈውም። በትክክል መታጠፍ አለበት። ሲስቲን የሚባሉት ስድስቱ አሚኖ አሲዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት የሰልፈር ድልድዮች መያያዝ አለባቸው፤ ለዚህ የሚመቸው ደግሞ የኢአሩ ውስጥ እንጂ ሳይቶፕላዝሙ አይደለም። ያልተስተካከለው ወደ ጎልጂ አይሄድም። ወደ ሳይቶፕላዝም ተመልሶ ይጎተትና ይፈጫል። ደብዳቤውን አንብቦ «ይህ አይወጣም» የሚለው ሰውዬ የተቀመጠው እንግዲህ ጸሐፊው ቤት በር ላይ ነው።

ይህ በር ሲጨናነቅ ምን ይሆናል? ከመጀመሪያው የ110 ሰንሰለት 96ኛው ቦታ ላይ ያለው ሲስቲን ታይሮሲን በሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ የተተካባቸው ሕፃናት አሉ። አንዱ ሲስቲን ተጓዳኝ ያጣል። ፕሮኢንሱሊኑ በትክክል አይታጠፍም፣ ኢአሩ ውስጥ ይከማቻል፣ ጤነኛውንም አብሮ ይይዘዋል። ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች አንዷ ብቻ ብትበላሽ ይበቃል። ቤታ ሴሉ በጭንቀት ይዳከማል፣ ይሞታልም። ልጁ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት የስኳር በሽተኛ ይሆናል። አኪታ የሚባሉት የላቦራቶሪ አይጦችም ያንኑ ለውጥ ይዘው ይታመማሉ። ጎልጂው ምንም አልሆነም። ኢአሩ «ጽፎ የሚጥል» ቢሆን ኖሮ ይህ በሽታ ከየት ይመጣ ነበር?

ደህና የታጠፈው በትናንሽ ከረጢቶች ተጭኖ ጎልጂ ይደርሳል። ጎልጂ በብዙ ፕሮቲኖች ላይ የተንጠለጠሉትን የስኳር ሰንሰለቶች ያርማል፤ ኢንሱሊን ግን ስኳር የለበትም፤ ይህ ሥራ እዚህ አይመለከተውም። እዚህ ዋናው ሥራ መለየት ነው። የትኛው የሴሉ መፍጫ ወደሆነው ላይሶዞም፣ የትኛው ወደ ሴሉ ሽፋን፣ የትኛው ለማከማቻ? ፕሮኢንሱሊን ለማከማቻ ይመደባል።

ፖስታ ቤቱ ያለቀለት ዕቃ አስረከበ? የለም። ፕሮኢንሱሊንን ኢንሱሊን የሚያደርገው አብዛኛው ቆረጣ የሚካሄደው ከጎልጂ በተገነጠለው የማከማቻ እንክብል ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው ከረጢት ውስጥ ሆኖ እንደገና ይከፈታል ማለት ነው። እንክብሉ አሲዳማ እየሆነ ሲሄድ ኢንዛይሞች ከመካከሉ 31 አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭ ይለያሉ። ሲ-ፔፕታይድ ይባላል። በመጋጠሚያዎቹ ያሉ አራት አሚኖ አሲዶችም ይወገዳሉ። 51 ይቀራል፤ ኢንሱሊን ይህ ነው። ከዚንክ ጋር ተያይዞ፣ የደም ስኳር እስኪጨምር ይጠብቃል።

ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ አብረው፣ በእኩል ቁጥር ይለቀቃሉ። ሐኪሞች ይህን ይጠቀሙበታል። የደም ስኳሩ የወረደ ሰው ኢንሱሊኑ ከፍ ብሎ ሲ-ፔፕታይዱ ዝቅ ካለ፣ ኢንሱሊኑ ከውጭ በመርፌ ገብቷል ብለው ይጠረጥራሉ። ኢንሱሊንን የሚያስለቅቅ ኪኒን ከሆነ ግን ሁለቱም ይጨምራሉ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይም ውጤቱን በጥንቃቄ ማንበብ ነው፤ ሲ-ፔፕታይድን በብዛት የሚያስወግደው ኩላሊት ስለሆነ፣ ቤታ ሴሎቹ ምርታቸውን ሳይጨምሩ ቁጥሩ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል።