«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል»፦ የአያቱን ስም የያዘ ልጅ ምን ይነግረናል?

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለቅሶ ቤት ነው። ሟቹ ደግ ሰው ከነበረ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ፤ የተቀመጠው ሰውም ራሱን ይነቀንቃል። ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው። «ስም» የተባለው ዝና ነው፤ ሥጋ አፈር ይለብሳል፣ ሰው የሠራው ሥራ ግን በሰው አፍ ይኖራል። ለክፉም ያገለግላል፤ ርስት ነጥቆ የሞተ ሰው ሲነሣ ያው አባባል በሌላ ድምፅ ይነገራል።

እኔ ግን መጀመሪያ የሰማሁት ደሴ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ታናሽ ወንድሜ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ነው። አያቴ ሕፃኑን ታቅፋ «ሰይድ ይባል» አለች። ሰይድ የሞተው ባሏ ነው። አባቴ ሌላ ስም አስቦ ኖሮ ትንሽ አንገራገረ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ዝም በል» አለችው፤ ነገሩም በዚያ አለቀ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በእኛ ቤት መልአኩ አያቴ ነበረች።

እሷ ስለ ዝና እየተናገረች አልነበረም፤ ስለ ስሙ ስለ ራሱ ነበር። ግሡን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ «ይቀራል» ሳይሆን «ይውላል» ነው። የሚውል ነገር ፀሐይ ላይ ይወጣል፣ ይጠራል፣ ይላካል፣ ይቆጣሉታል። በገጠር ያለው የድሮ መቃብር ድንጋይ እንጂ ጽሑፍ የለበትም፤ የሟቹ ስም የሚውልበት ቦታ ቢኖር የልጅ ልጁ ላይ ብቻ ነው። ይህ ሁለተኛው ትርጉም የእኔ አተረጓጎም ነው፤ ነገር ግን የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ መቁጠር ከጀመርኩ ወዲህ ከመጀመሪያው ይልቅ የጠቀመኝ እሱ ነው።

የእኛ ሰው ሙሉ ስሙን ሲናገር የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ይናገራል። አያቱን የሚተካ ስም ከተሰጠው አንደኛውና ሦስተኛው ስም አንድ ይሆናሉ፦ ሰይድ አሊ ሰይድ። ስለዚህ አንድ አሮጌ ወረቀት «ሰይድ አሊ» ብሎ ቢያቆምብን፣ የአሊ አባት ምናልባት ሰይድ ሳይሆን አይቀርም ብለን መነሳት እንችላለን። በሌላ አገርም የትውልድ ሐረግ አጥኚዎች ይህን መንገድ ይጠቀሙበታል። በግሪክ ልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይይዛል። በስኮትላንድ በብዛት ይከተሉት በነበረው ቅደም ተከተል ሁለተኛው ወንድ ልጅ የእናቱን አባት ስም ይወስዳል። አሽኬናዚ የሚባሉት አይሁዶች ደግሞ በሕይወት ባለ ዘመድ ስም አይሰይሙም፤ የልጁ ስም ራሱ አያቱ ቀድሞ መሞቱን ይናገራል። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥብቅ ደንብ የለም። አንዱ ቤት ይከተለዋል፣ ጎረቤቱ አይከተለውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጣራው ያ ቤተሰብ ልማዱ ነበረው ወይ የሚለው ነው።

የእኛ ቤት ልማዱ እንደነበረው የገባኝ በአንድ ደረሰኝ ነው። በ1942 ዓ.ም. የተከፈለ የመሬት ግብር ደረሰኝ ላይ «ሰይድ አሊ ሰይድ» ይላል። የወንድሜም የቀበሌ መታወቂያ «ሰይድ አሊ ሰይድ» ይላል። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ደነገጥሁ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሁለቱን ወረቀቶች የሚያገኝ ሰው አያትና የልጅ ልጅ መሆናቸውን በምን ያውቃል? አንድ ሰው ያደርጋቸዋል።

ይህ ስጋት እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ በእኛው ዘመዶች አፍ ላይ ደርሷል። ኮምቦልቻ የሚኖሩ የአባቴ አጎት የአያቴን ባል ሐረግ ሲቆጥሩ «ሰይድ፣ አሊ፣ ሰይድ፣ አሊ፣ ይማም» ይላሉ። ሐርቡ ያሉ ሌላ ሽማግሌ ግን «ሰይድ፣ አሊ፣ ይማም» ብለው ይጨርሳሉ። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም አይጠራጠሩም። የልዩነቱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ያው ጥንድ ስም ሁለቴ ሲመጣ ምላስ አንዱን ጥንድ ይዘለዋል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ሐረጉን ማርዘም የፈለገ ሰው ጥንዱን ሦስተኛ ጊዜ ይደግመዋል። በድምፅ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

የለየልን ዓመት ነው። ሁለቱም ሽማግሌዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ የይማም ልጅ አሊ፣ አጼ ቴዎድሮስ ወሎ ሲገቡ፣ ሚስትና ልጆች ይዞ ከብቱን ወደ ቆላ ያሸሸ ጎልማሳ ነበር። ያ ዘመቻ በ1848 ዓ.ም. ነው። አሊን ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ብንሰጠው ልደቱ 1818 አካባቢ ይሆናል። የአያቴ ባል ሰይድ ደግሞ በሰገሌ ዘመቻ ዓመት፣ በ1909፣ ተወለደ። አጭሩ ቆጠራ ትክክል ቢሆን አሊ ሰይድን የወለደው በዘጠና አንድ ዓመቱ ነው ማለት ነው። በረጅሙ ቆጠራ ግን ያው ዘጠና አንድ ዓመት ለሦስት ልደት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይደርሳል። ለአባትና ልጅ ርቀት ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ዓመት መገመት የተለመደ ስለሆነ ሐርቡ ያሉት ሽማግሌ ሁለት ሰው ጥለዋል ብዬ ደምድሜያለሁ። ለእሳቸው ግን አልነገርኋቸውም።

ችግሩ ተራ ቤተሰብን ብቻ የሚያጠቃ አይደለም። የወሎዋን የወረ ሂማኖን ገዥዎች ተመልከቱ፤ አመዴ ሊበንን ወለደ፣ ሊበን አመዴን፣ አመዴ ደግሞ ሊበንን። «ኢማም ሊበን አመዴ» የሚል ስም ብቻ ያገኘ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይለይም። እንዲህ ላለው ጊዜ የፈረስ ስም ያድናል፤ ከኋለኞቹ አንዱን አመዴ ሊበንን «አባ ዋጠው» የሚለው የፈረስ ስሙ ከሌሎቹ ይለየዋል። ከዚሁ ቤት የወጡት ንጉሥ ሚካኤል በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ከመጠመቃቸው በፊት ስማቸው ሙሐመድ አሊ ነበር፤ ይህም የቀደመ የዘሩ አባት የተጠራበት ስም ነው። በጥምቀት የተለወጠ ስም ሐረጉን ለሁለት ስለሚቆርጠው፣ በ1870ዎቹ አካባቢ ሐረጉ ድንገት የጠፋበት የወሎ ሰው ከጥምቀት በፊት የነበረውን ስም መፈለግ አለበት። ለዚህም ብዬ በማስታወሻዬ ስም ብቻውን አልጽፍም። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር የራሱ የሆነ አንድ ነገር፣ ሚስት ወይም ቦታ ወይም ዘመቻ፣ እጽፋለሁ። አጠገቡ ምንም የሚጻፍለት ያጣ ስም ምናልባት የተደገመ ጥላ ነው።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ በአባት መስመር ነው፤ እሱን ደግሞ የስማችን አሠራር ራሱ ይጠብቀዋል። የሚጠፋው የእናት ወገን ነው። የእናት አባት ስም በልጁ ሙሉ ስም ውስጥ አይገባም፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ እናቲቱ ራሷ «የየጁዋ» ወይም «የቦረናዋ» ተብላ ትቀራለች። እዚህ ላይ ነው የሁለተኛው ልጅ ስም ወርቅ የሚሆነው።

የአያቴ ባል የሰይድ ወንድሞች ሁለት ነበሩ፤ ጓንጉልና ቡሽራ። ታላቁ ሰይድ መባሉ የአባቱን አባት ተክቶ ነው፣ አያስገርምም። በአባታቸው ወገን ግን እስከ ይማም ድረስ ጓንጉልም ቡሽራም የሚባል የለም። ሙሐመድ ወይም አሕመድ ቢሆን ኖሮ ምንም አይነግረኝም ነበር፤ ወሎ ውስጥ በየቤቱ ያለ ስም ማስረጃ አይሆንም። ጓንጉል ግን በቃሉ ሰፈሮች ብዙ የማይሰማ፣ የየጁን አገር የሚያሸት ስም ነው። እናታቸውም «የየጁዋ» ነበረች። የእናቲቱ አባት ጓንጉል ይሆን?

መርሳ ድረስ ሄድሁ። እዚያ አንድ ጥንቃቄ አደረግሁ፤ ስሙን ከአፌ አላወጣሁም። «ጓንጉል የሚባል አያት ነበራችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከአምስት ቤት አምስት ጓንጉል ይዞ ይመለሳል፤ እንግዳን ማሳዘን የሚፈልግ የለማ። እኔ የጠየቅሁት ከክፉው ቀን በኋላ ተወልዳ ወደ ቃሉ የተዳረች ሴት ልጅ ታስታውሱ እንደሆነ ብቻ ነው። ክፉው ቀን 1884 ላይ ስላበቃ፣ በ1909 የበኩር ልጇን የወለደች ሴት ዕድሜዋ ይገጥማል። አንድ ሽማግሌ የአያታቸውን እኅት ጠሩልኝ፤ አባቷን ጓንጉል አሉ፤ ሳልጠይቃቸውም «ሁለተኛ ልጇን በእሱ ስም ጠራችው ይሉ ነበር» ብለው ጨመሩ። ይህን ስሰማ ብዕሬ ከእጄ ወደቀ ብል አጋነንሁ፤ ግን ለጊዜው መጻፍ አቅቶኝ ነበር።

ቡሽራ ግን አታለለኝ። ስሙ ብርቅ ነው፣ ስለዚህ እሱም አያት መሆን አለበት ብዬ ሁለት ዓመት አንድ ቡሽራ ስፈልግ ከረምሁ። የአባቴ አጎት ጉዳዩን በመጨረሻ ሰሙና ተቆጡ። እናቲቱ ሁለት ልጅ ሞቶባት ኖሮ በኮምቦልቻ አካባቢ ወዳለችው ወደ ገታ ተሳለች፤ ልጁም በገታው ሸህ በሰይድ ቡሽራ ስም ተጠራ። ዘመድነቱ የስለት ነው። ያንኑ ዕለት በሰይድና በጓንጉል መካከል ስማቸው ያልተቆጠረ ሁለት ሕፃናት እንዳሉ ተረዳሁ፤ «ሁለተኛው ልጅ» ስል የነበረው በሕይወት ከተረፉት ሁለተኛውን ነበር። ምትኩ፣ ካሳ፣ ተካ፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ ባለበት ቤት ይህ ጥያቄ ቶሎ ይነሳል፤ ስሙ ራሱ ከፊቱ የሞተ አለ ይላል። ቡሽራ የሚለው ስም ግን እንዲህ አይናገርም።

አሁን በማስታወሻዬ ከጓንጉል በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው። መርሳ ያሉት ሽማግሌ የጓንጉልን አባት ስም አያውቁትም። የጓንጉል የበኩር ልጅ ይመር ይባል ነበር። «ይመር» ብዬ በእርሳስ ጽፌ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ።