አንዲት ብጉርን ከፎቶ ላይ ማንሳት፦ በድሬዳዋ ፎቶ ቤቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ፎቶ ቤት የሚሠራ ኤዲተር፣ ከጉርድ ፎቶ እስከ ሰርግ አልበም፣ ብጉር አንሳልኝ የሚለው ደንበኛ አያጣም። ለዚህ የሚያገለግሉት የፎቶሾፕ መሣሪያዎች በዋናነት ሁለት ናቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. የመጣው Healing Brush ቆዳው ከየት እንደሚቀዳ ሠሪው ራሱ `Alt` ተጭኖ እንዲመርጥ ያደርጋል። በ2005 የተከተለው Spot Healing Brush ግን ምንጩን በራሱ ይፈልጋል። ይኼኛው ፈጣን ነው፤ ሆኖም ብጉሯ ንጹሕ ጉንጭ ላይ ለብቻዋ ካልሆነች ባይታመን ይሻላል።

ሁለቱም የሚሠሩት ቆዳ ቆርጦ በመለጠፍ አይደለም። ከምንጩ የሚወስዱት ሸካራነቱን፣ ማለትም የቆዳውን ቀዳዳዎችና ደቃቅ መስመሮች ነው። ቀለሙንና ብርሃኑን የሚያስተካክሉት ግን ብራሹ ባረፈበት ቦታ ጠርዝ ላይ ባገኙት መሠረት ነው። የደበዘዘ ምልክት የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጠርዝ የማይሆን ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው። ብጉር ከእብጠቷ ሰፋ ያለ ጥላ አላት፤ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ቅላቱ ብዙም አይታይም፣ ይልቁንም ዙሪያዋ ጠቆር ይላል። ብራሹ እብጠቷን ብቻ ከሸፈነ ጠርዙ ያንን ጥቁረት ያገኛል፤ ስለዚህ እብጠቷ ትጠፋለች፣ ጥቁረቱ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ጭጋግ መስሎ ይቀራል። በድሬ የቀትር ፀሐይ የተነሳ ፎቶ ላይ ከብጉሯ ሥር የሚወድቀውም ጥላ አብሮ መሸፈን አለበት።

ሌላው ጥፋት የብራሹ ልስላሴ ነው። Hardness ዜሮ ሲሆን በጠርዙ አካባቢ አሮጌው ቆዳና አዲሱ በከፊል ይደራረባሉ። እርስ በርስ የማይገጥሙ ቀዳዳዎች ሲደባለቁ ይጠፋፋሉና ቦታው ሰም የተቀባ ይመስላል። ብዙ ጀማሪ ለስላሳ ብራሽ ይሻላል ብሎ የሚያስበው ከሌሎቹ መሣሪያዎች ልማድ የተነሳ ነው፤ እዚህ ግን 70 ወይም 80 ላይ ማድረጉ ይበጃል፣ ቀለሙን ማዋሃዱ የመሣሪያው ሥራ ነውና።

ከዚራ ሰፈር፣ ከመንገዱ ዳር ዛፎች ሥር የተነሳች ሙሽራ እንውሰድ። ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ነው፤ ጉንጯ ላይ ያለችው ብጉር 25 ፒክስል ያህል፣ ጥቁረቱን ጨምሮ 40 ትሆናለች። በመጀመሪያ በ`Ctrl+Shift+N` ባዶ ሌየር ይከፈታል፤ Sample የሚለው Current & Below ላይ ይደረጋል፣ ዋናው ፎቶ እንዳይነካ። የብራሹ መጠን 46 አካባቢ ይሁን። አሁን ምንጭ መምረጥ ነው፦ በቅጠሎቹ መካከል ያለፈው ብርሃን ጉንጯን አዥጎርጉሮታልና ምንጩ ከዚያው ጉንጭ፣ ከዚያው ብርሃን፣ ቀዳዳው ተመሳሳይ ከሆነ ቦታ መሆን አለበት። የአፍንጫ ቆዳ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ጉንጭ ላይ ወዲያው ያስታውቃል። ከዚያ ብራሹን ሳይጎትቱ አንድ ጊዜ ብቻ መጫን ነው። ካላማረ `Ctrl+Z` ብሎ ከሌላ ምንጭ እንደገና መሞከር እንጂ የተሠራው ላይ ደጋግሞ መጫን አያዋጣም፤ በየጊዜው ሸካራነቱ እየሳሳ ይሄዳል።

አስቸጋሪዋ ብጉር የነጠላው ጥለት፣ የፀጉር መስመር ወይም የብርሃንና የጥላ ድንበር አጠገብ ያለችው ናት። የብራሹ ጠርዝ ቀዩን ጥለት ከነካ ቅላቱ ወደ አገጯ ይፈስሳል። መፍትሔው አስቀድሞ በ Lasso Tool ከብጉሯ ሰፋ ያለ፣ በጥለቱ በኩል ግን ድንበሩን ይዞ የሚሄድ ክልል ማበጀት ነው። መሣሪያው ከክልሉ ውጪ ያለውን ቀለም አያስገባም። ብጉሯ ድንበሩ ላይ ጭራሽ ተጣብቃ ከሆነ ግን Clone Stamp ይሻላል፤ እሱ ቀለም ሳያስተካክል እንዳለ ይቀዳል።

ውጤቱን በ400 ፐርሰንት ዙም ላይ መመርመር ያታልላል። ወደ 100 መልሶ ሌየሩን ማብራትና ማጥፋት፣ ከላይም ጠቆር የሚያደርግ Curves ለጊዜው መጨመር ነው፤ የደበዘዘ ቦታ ካለ ከአካባቢው ቆዳ ተለይቶ ይወጣል። ደንበኛው ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ልኮት ከሆነ ግን ፎቶው ስለሚጨመቅ ቀዳዳዎቹ አስቀድሞ ጠፍተዋል፣ የሚቀዳም ሸካራነት የለም። በ File መልክ እንዲልከው መጠየቅ ይቀድማል።